አባባ ያረፈው በቡሄ ዕለት ነው ወይስ በማግስቱ? የቤተሰብ ግሩፕን ወደ ሰነድ ስለመቀየር

አንዱ ልጅ ደብረ ታቦር፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዋሽንግተን በሆኑበት ቤት፣ ቤተሰቡ የሚገናኘው በስልክ ግሩፕ ነው። ማን እንደታመመ፣ ለመድኃኒት ማን ስንት እንደላከ፣ ማን መቼ እንደተወለደና ማን መቼ እንዳረፈ የሚነገረው እዚያ ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን እህትማማችና ወንድማማች «አባባ ያረፈው በቡሄ ዕለት ነው» «የለም፣ በማግስቱ ነው» እያሉ ይከራከራሉ። የሚገርመው ሁሉም የየራሱን ስልክ ገልጦ ያሳያል፤ ሁሉም ልክ ይመስላል። በዚህ ሳምንት ዓምዳችን የግሩፑን ወሬ ከስልክ አውጥቶ፣ ስልኩ በራሱ የጨመረበትን አላስፈላጊ ጽሑፍ አጥርቶ፣ ቀኑ የተስተካከለ ሰነድ ማድረግ የሚቻልበትን መንገድ እናያለን። ሥራውን ኮምፒዩተር የሚችል የልጅ ልጅ ሊሠራው ይችላል። ውሳኔውን ግን መወሰን ያለበት ቤተሰቡን የሚያውቅ ትልቅ ሰው ነው።

መጀመሪያ፣ በማን ስልክ?

የምንነጋገረው በዋነኛነት ስለ ዋትስአፕ ነው። ዋትስአፕ መልእክቱን የሚያስቀምጠው በየሰው ስልክ ላይ ነው። ስለዚህ ከሁለት ሰዎች ስልክ የወጣ የአንድ ግሩፕ ወሬ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። ስልኩን ቀይሮ የድሮውን ወሬ ወደ አዲሱ ያላሻገረ ሰው ዘንድ የቀድሞው የለም። ዘግይቶ ወደ ግሩፑ የገባ ሰው ዘንድም ከመግባቱ በፊት የተባለው አይገኝም።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ዋትስአፕ ላልደረሰው ሰው የተላከን መልእክት በማእከሉ የሚያቆየው ለ30 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ይሰርዘዋል። ስለዚህ ደብረ ታቦር፣ ጋይንት ወይም እስቴ ሆኖ በእነዚያ ወራት ኢንተርኔት ያላገኘ ሰው፣ መስመሩ ሲመለስ ያገኘው የመጨረሻውን ወር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው በእሱ ስልክ ላይ ፈጽሞ አልደረሰም። ከእሱ ስልክ የወጣ ሰነድ በዚያ ቦታ ባዶ ይሆናል፤ አንባቢውም «ያኔ ማንም አልጠየቀንም» ብሎ ሊያዝን ይችላል።

ዋሽንግተን ያለችው ልጅ ስልክ ላይ መልእክቱ ሙሉ ሊሆን ይችላል። እዚያ ያለው ችግር ሰዓቱ ነው። ዋትስአፕ ወሬውን ሲያወጣ በእያንዳንዱ መልእክት ላይ የሚጽፈው፣ ወሬው የወጣበት ስልክ ባለበት አገር ሰዓት ነው። ዋሽንግተን በበጋቸው ከእኛ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ደብረ ታቦር ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተጻፈ መልእክት እዚያ የሚታየው ባለፈው ቀን ምሽት ነው። የቀን ክርክሩ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ስለዚህ የሚመረጠው፣ አገር ውስጥ ያለ፣ ኢንተርኔት ያልተቋረጠበት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በግሩፑ የነበረና ስልኩን ያልቀየረ ሰው ነው። ለብዙ ቤተሰብ ይህ አዲስ አበባ ያለው ልጅ ነው። እሱም ከሌለ ከሁለት ስልክ አውጥቶ የአንዱን ጉድለት በሌላው መሙላት ነው።

አወጣጡ

በአንድሮይድ ስልክ ግሩፑ ይከፈታል፤ ከላይ በስተቀኝ ያሉት ሦስት ነጥቦች ይነካሉ፤ `More` ከዚያ `Export chat` ይባላል። ስልኩ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ `Without media` ወይስ `Include media`? ብዙ ሰው ፋይሉ እንዳይከብድ የመጀመሪያውን ይመርጣል። ለቤተሰብ ሰነድ ግን ይህ ምርጫ ከባድ ጉዳት አለው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። ሁለተኛውን ይምረጡ፤ ፋይሉን ወደ ራስዎ ኢሜይል ወይም ወደ ኮምፒዩተር ይላኩ። ከነሚዲያው ሲወጣ ዋትስአፕ የሚሰጠው የቅርብ ጊዜውን 10,000 ያህል መልእክት፣ ያለ ሚዲያ ደግሞ 40,000 ያህል ነው። ግሩፑ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ሁለቱንም ማውጣትና የቆየውን ክፍል ከሁለተኛው መውሰድ ያስፈልጋል። ምርጫው ጨርሶ የማይሠራ ከሆነ፣ ከግሩፑ አባላት አንዱ `Advanced chat privacy` የሚለውን ከፍቶት ሊሆን ስለሚችል ይጠይቁ።

የወጣው ፋይል እንደመጣ አንድ ቦታ ይቀመጥ፤ ማንም አይንካው። ሥራው ሁሉ የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው።

ጥሬው ፋይል ምን ይመስላል?

ነገሩ እንዲታይ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ልጆቹ የተበታተኑበት የፋርጣ ቤተሰብ እንውሰድ። ፋይሉ የወጣው አዲስ አበባ ካለው ልጅ ስልክ ነው። ጊዜው ነሐሴ 2014 ዓ.ም.፣ የከተማችንን ስም የያዘው የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ ነው።

```
8/19/22, 4:12 PM - እህቴ አሜሪካ: እንኳን ለቡሄ አደረሳችሁ
8/19/22, 5:03 PM - እማዬ: PTT-20220819-WA0004.opus (file attached)
8/19/22, 8:31 PM - ወንድሜ: አባባ ሆስፒታል ገብቷል
ኦክስጅን ተደርጎለታል
ካርድና መድኃኒት 1,850 ብር
8/19/22, 8:44 PM - ወንድሜ added የአክስቴ ልጅ
8/19/22, 8:45 PM - ወንድሜ changed this group's icon
8/19/22, 8:52 PM - የአክስቴ ልጅ: This message was deleted
8/20/22, 1:50 AM - ወንድሜ: አባባ አረፈ
```

ይህን ሲያዩ ሦስት ዓይነት መስመር እንዳለ ልብ ይበሉ። የመጀመሪያው በቀን ጀምሮ፣ ከሰረዙ በኋላ ስምና ሁለት ነጥብ ያለው ነው። ይህ ሰው የላከው መልእክት ነው። ሁለተኛው በቀን ጀምሮ፣ ከሰረዙ በኋላ ሁለት ነጥብ የሌለው ነው። ይህን የጻፈው ዋትስአፕ ራሱ ነው፤ እገሌ እገሌን አስገባ፣ እገሌ የግሩፑን ምስል ቀየረ፣ መልእክቶቻችሁ የተመሰጠሩ ናቸው የሚሉት ሁሉ እዚህ ይገባሉ። ሦስተኛው ቀን የሌለው መስመር ነው። ይህ ቆሻሻ አይደለም። ሰውየው ሲጽፍ መስመር እየዘለለ ስለጻፈ የመጣ የላይኛው መልእክት ቀጣይ ነው። «በቀን የማይጀምረውን ሁሉ አጥፋ» ያለ ሰው የ1,850 ብሩን ሒሳብና የኦክስጅኑን ነገር አብሮ ያጠፋል። መዋጮ የሚጻፈው በዝርዝር ስለሆነ በዚህ ስህተት በብዛት የሚጠፋው የገንዘብ ነገር ነው።

በአይፎን የወጣ ፋይል ትንሽ ይለያል። ቀኑ በማእዘን ቅንፍ ውስጥ ይሆናል፤ ዋትስአፕ ራሱ የጻፈው መስመርም የግሩፑን ወይም የሰውን ስም ከነሁለት ነጥቡ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የሁለት ነጥቡ ምልክት እዚያ አያገለግልም፤ እያነበቡ መለየት ግድ ነው። ከተቻለ ከአንድሮይድ ስልክ ማውጣት የሚቀለው ለዚህ ነው።

ከመሰረዝ በፊት ምልክት ማድረግ

ፋይሉ ጥቂት መቶ መስመር ከሆነ በእጅ ማጥራት ይሻላል። ብዙ ሺህ ከሆነ ግን የልጅ ልጅዎ በኮምፒዩተር ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይክፈተውና በመተኪያው መስኮት `Regular expression` የሚለውን መርጦ የሚከተለውን ያስገባ። በዚያው መስኮት `. matches newline` የሚለው ምልክት ያልተደረገበት መሆኑን ያረጋግጥ። የላይኛው መፈለጊያ፣ የታችኛው መተኪያ ነው።

```
^\d+/\d+/\d+, [^-]+ - (?!.*: ).*$
## $0
```

ይህ ዋትስአፕ ራሱ የጻፋቸውን መስመሮች እየለየ በፊታቸው ## ያስቀምጣል፤ ምንም አይሰርዝም። በእኛ ምሳሌ ምልክት የሚደረግባቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ የ2:44ቱ እና የ2:45ቱ። የሚቀጥለው ሥራ የትልቅ ሰው ነው። እነዚህን አንድ በአንድ ማየት ነው።

የግሩፑ ምስል መቀየሩ ለማንም አይጠቅምም፤ ይውጣ። የአክስት ልጅ በዚያ ምሽት መግባቱ ግን ነገር አለው። ከዚያ በፊት የተባለውን አላየም ማለት ነው። ነገ «ስለ ሕመሙ እያወቀ ዝም አለ» ተብሎ ቢወቀስ፣ መቼ እንደገባ የሚያሳየው ይህች መስመር ብቻ ናት። ስለዚህ ማን መቼ ገባ፣ ማን መቼ ወጣ የሚሉት መስመሮች አጠር ብለው በማስታወሻ መልክ ይቀመጡ። ሌላውን በሙሉ ማጥፋት ይቻላል።

«ይህ መልእክት ተሰርዟል» የሚለውም ዋትስአፕ የሚጽፈው ነው፤ ግን በሰው ስም ስር ስለሚመጣ ## አይደረግበትም። የተሰረዘው ምን እንደነበር መገመት አይገባም። ከዚያ በታች ያለው መልስ ትርጉም የሚያጣ ከሆነ «አንድ መልእክት ላኪው ሰርዞታል» ተብሎ ይቀመጥ፤ ካልሆነ ይውጣ።

የእማዬ ድምፅ

አሁን ወደ ተውነው ነገር እንመለስ። በብዙ ቤት እናት ወይም አያት ፊደል ስላልቆጠሩ፣ ወይም ዓይናቸው ስለደከመ፣ ወይም በጽሑፍ መናገር ስለማይጥማቸው በግሩፑ ውስጥ የሚናገሩት በድምፅ ብቻ ነው። ፋይሉ ያለ ሚዲያ ሲወጣ፣ እያንዳንዱ የድምፅ መልእክታቸው የሚታየው እንዲህ ነው።

```
8/19/22, 5:03 PM - እማዬ: <Media omitted>
```

ሥራውን የያዘው ወጣት ሰነዱን ሊያጠራ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያጠፋው ይህን ጽሑፍ ነው። በአንድ ጊዜ ሺህ መስመር ይጠራለታል፤ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በሰነዱ ውስጥ እማዬ የሉም። ስለ አባት ሕመም መጀመሪያ የተናገሩት እሳቸው ሆነው ሳለ፣ ወረቀቱ ወሬው የጀመረው ማታ ሆስፒታል ከተገባ በኋላ እንደሆነ ያስመስላል። ሁሉም ልጆች ሲነጋገሩ፣ እናት ግን ዝም ብለው የተቀመጡ ይሆናሉ።

ከነሚዲያው ከወጣ ግን የድምፁ ፋይል ስም በመስመሩ ላይ ይጻፋል። `PTT` የሚለው የድምፅ መልእክት መሆኑን ያመለክታል፤ ቀጥሎ ያሉት ስምንት ቁጥሮች ዓመት፣ ወር፣ ቀን ናቸው፤ መጨረሻው የዕለቱ ተራ ቁጥር ነው። ይህን ስም ከፋይሎቹ መካከል ፈልጎ ማዳመጥና የተባለውን በቦታው መጻፍ ይቻላል። ከስልኩ ላይ ቀድሞ የተሰረዘ ድምፅ ግን አብሮ አይወጣም። ይህ ከሆነ ድምፁን ከሌላ ልጅ ስልክ ላይ መፈለግ ነው።

ድምፅ ሲጻፍ የእናትን አነጋገር ማረም አይገባም። «ትንፋሽ አጥሮታል» ያሉትን «የመተንፈስ ችግር ገጥሞታል» ብሎ ማስዋብ የእሳቸውን ቃል የልጁ ቃል ማድረግ ነው። ያልተሰማው ቃል በነጥብ ይታለፍ። ድምፁ ረዥም ሆኖ ሁሉንም መጻፍ ካልተቻለ፣ ዋናው ነገር በአጭሩ ተጽፎ የድምፁ ርዝመትና የፋይሉ ስም ይመዝገብ። ፎቶም እንዲሁ ነው፤ «ፎቶ፦ የሆስፒታሉ ደረሰኝ» የምትል አንዲት መስመር፣ ባዶ ከመተው ይሻላል።

ስም ለማን?

ፋይሉ ላይ የሚታየው ስም፣ ባለ ስልኩ ያንን ሰው በምን ስም እንደመዘገበው ነው። በእኛ ምሳሌ «ወንድሜ» የአዲስ አበባው ልጅ ወንድም ነው፤ ለአክስት ልጅ ግን ወንድሙ አይደለም። የልጅ ልጆች ከ20 ዓመት በኋላ ሲያነቡት «እህቴ አሜሪካ» ማን እንደነበረች ላያውቁ ይችላሉ። በስልኩ ያልተመዘገበ ሰው ደግሞ በቁጥር ብቻ ይታያል። ስለዚህ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማን ማን እንደሆነ ከነአባት ስምና ከነዝምድናው ይዘርዘር፤ በውስጥም በዚያው ስም ሁሉ ቦታ ይተካ። መተካቱ ከ«እማዬ» ብቻ ሳይሆን ከሰረዙና ከሁለት ነጥቡ ጋር ይሁን፤ አለዚያ ልጆቹ በመልእክታቸው መካከል «እማዬ» ያሉት ሁሉ አብሮ ይቀየራል።

ቀኑን ማስተካከል

ቀኑ ላይ ሁለት ነገር ይፈተሻል። የመጀመሪያው የትኛው ቁጥር ወር፣ የትኛው ቀን እንደሆነ ነው። ይህ በስልኩ አቀማመጥ ይለያያል። `1/7/23` ጃንዋሪ 7 ሊሆን ይችላል፤ ጁላይ 1ም ሊሆን ይችላል። በፋይሉ ውስጥ ከ12 የሚበልጥ ቁጥር የት ቦታ እንደሚመጣ ማየት ይፈታዋል፤ በምሳሌያችን 19 ሁለተኛ ቦታ ላይ ስለሆነ ወሩ ፊተኛው ነው። ሌላው መፈተሻ በዓል ነው። በዚያ ቀን ሰዎች «እንኳን ለገና አደረሳችሁ» እየተባባሉ ከሆነ ታኅሣሥ 29 ነው እንጂ ሰኔ አይደለም።

ሁለተኛው ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ ነው። ነሐሴ 1 ኦገስት 7 ላይ ስለሚውል ኦገስት 19 ነሐሴ 13 ነው። ግን ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት በኋላ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል። ጳጉሜን 2015 ስድስት ቀን ስለነበረች መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ጥምቀትም በዚያ ዓመት በጃንዋሪ 20 ዋለ። ይህ መገፋት እስከ ፌብሩዋሪ 2024 መጨረሻ ይቀጥልና ይቆማል። ስለዚህ አንድ ስሌት ለሁሉም ዓመት መጠቀም በእነዚያ ወራት ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን ያሳስታል። እዚህም መፈተሻው በዓል ነው፤ የጥምቀት ሰላምታ ጥር 11 ላይ፣ የመስቀሉ መስከረም 17 ላይ ካልወደቀ ስሌቱ ተሳስቷል።

ሰዓቱ ላይ ስድስት ይቀነሳል። አስቸጋሪው ሌሊቱ ነው። ስልኩ ቀኑን የሚለውጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ በእኛ ልማድ ግን ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ስለሆነ ሌሊቱን አንዱ ከባለፈው፣ ሌላው ከሚመጣው ቀን ሊቆጥረው ይችላል። አባቶች ለዚህ ጥሩ ቃል አላቸው፤ «ለቅዳሜ አጥቢያ» ይላሉ። ሰነዱ ላይም እንዲህ ቢጻፍ የሚያሳስት ነገር አይኖርም።

የተጠናቀቀው ሲታይ

ምሳሌያችን ከዚህ ሁሉ በኋላ እንዲህ ይሆናል። ድምፁን አዳምጠን የጻፍነው በዕለቱ ቦታ ገብቷል።

ዓርብ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2014 ዓ.ም. (ኦገስት 19, 2022)

ከቀኑ 10:12። ታላቅ እህት፣ ዋሽንግተን፦ እንኳን ለቡሄ አደረሳችሁ።

ከቀኑ 11:03። እናት፣ በድምፅ፦ «አባታችሁ ከትናንት ጀምሮ ትንፋሽ አጥሮታል። ዛሬ ሙልሙሉንም አልቀመሰም። ወደ ከተማ ላወርደው ነው።»

ከምሽቱ 2:31። ወንድም፣ ደብረ ታቦር፦ አባባ ሆስፒታል ገብቷል። ኦክስጅን ተደርጎለታል። ካርድና መድኃኒት 1,850 ብር።

(ከምሽቱ 2:44 የአክስት ልጅ ወደ ግሩፑ ገባ።)

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2014 ዓ.ም. (ኦገስት 20, 2022)

ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7:50። ወንድም፣ ደብረ ታቦር፦ አባባ አረፈ።

የመጨረሻዋ መስመር ክርክሩን ትፈታዋለች። ያው መልእክት ዋሽንግተን ባለችው ልጅ ስልክ ላይ የሚታየው ኦገስት 19 ከቀትር በኋላ 6:50 ሆኖ ነው፤ የቡሄ ዕለት ምሽት መሆኑ ነው። እሷ በቡሄ ዕለት አረፈ ስትል ስልኳ የሚያሳያትን ተናገረች። ደብረ ታቦር ያለው ወንድሟ በማግስቱ ነው ሲል እሱም እውነቱን ነው። ሁለቱም በአንዲት ቅጽበት የተላከችውን መልእክት በየአገራቸው ሰዓት እያነበቡ ነው። የአርባውና የሙት ዓመቱ ቀን የሚቆጠረው ግን አባትየው ካረፉበት አገር ቀን ስለሆነ፣ ሰነዱ የሚይዘው ለቅዳሜ አጥቢያ የሚለውን ነው።

መጥፋት የሌለበት እንዳልጠፋ ማረጋገጥ

ሰነዱ ከመታተሙ በፊት አንድ ቀላል ቆጠራ ይደረግ። በጥሬው ፋይል ላይ `- እማዬ:` የሚለው ስንት ጊዜ እንዳለ ኮምፒዩተሩ ይቁጠር። በተጠናቀቀውም ላይ የእናት መልእክት ስንት እንደሆነ ይቆጠር። ልዩነቱ ሆን ተብለው ከወጡት ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት። ለእያንዳንዱ ሰው እንዲሁ ይደረግ። የአንዱ ቁጥር በጣም ከወረደ የጠፋ ነገር አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚጠፋው በድምፅ የሚናገር ሰው ነው።

ከዚያ ረዥም ክፍተት ያለባቸው ቦታዎች ይታዩ። በሁለት መልእክቶች መካከል ሳምንታት ወይም ወራት ካለፉ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ይጠየቅና በዚያው ቦታ አንድ መስመር ይጻፍ፤ «በእነዚህ ወራት ደብረ ታቦር ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ የምንገናኘው በስልክ ጥሪ ነበር» የሚል። ምክንያቱ ያልተጻፈ ባዶ ቦታ በኋላ ለሚያነበው ሰው ኩርፊያ ይመስላል።

ቴሌግራም ለሚጠቀሙ

ቴሌግራም መልእክቱን በራሱ ማእከል ስለሚያስቀምጥ፣ መስመር ተቋርጦ የቆየ ሰው ሲመለስ የግሩፑን ሙሉ ወሬ ያገኛል። የ30 ቀኑ ችግር እዚያ የለም። ማውጣት የሚቻለው ግን ከስልክ ሳይሆን በኮምፒዩተር ላይ ከሚጫነው ቴሌግራም ነው፤ ግሩፑ ተከፍቶ ከሦስቱ ነጥቦች `Export chat history` ይመረጣል። የድምፅ መልእክት የሚለው ሳጥን ምልክት እንዲደረግበት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የእማዬ ነገር እዚህም ይደገማል። በ`HTML` ሲወጣ ቀኖቹና ፕሮግራሙ ራሱ የጻፋቸው መስመሮች መሐል ላይ ተለይተው ይታያሉ። በ`JSON` ሲወጣ ደግሞ `"type": "service"` የሚል ምልክት ይኖራቸዋል፤ ለመለየት ከዋትስአፕ ይቀላል። ሰዓቱ ግን እዚህም የኮምፒዩተሩን አገር ሰዓት ይከተላል።

ለማን ይሰጥ?

ግሩፕ ውስጥ የተጻፈ ነገር ለግሩፑ የተጻፈ ነው። ሕመም፣ ብድር፣ የባልና ሚስት ጠብ ተጽፎበት ሊሆን ይችላል። ከመባዛቱ በፊት ሁሉም አባላት ያንብቡት፤ «ይህቺ የኔ ትውጣልኝ» ያለ ሰው ካለ ትውጣለት። በወጣበት ቦታ ላይ ግን «በላኪው ፈቃድ የወጣ» ይባል፤ የገንዘብ ሒሳብ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ይቅር እንጂ መኖሩ አይደበቅ። ማንበብ ለማይችሉት እናት አንድ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ የራሳቸውን ቃል ያንብብላቸው፤ በትክክል መጻፉን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ ወሬው ከማን ስልክ እንደወጣ፣ መቼ እንደወጣ፣ ምን ዓይነት መስመሮች እንደተወገዱ፣ ድምፁን ማን አዳምጦ እንደጻፈው። ጥሬው ፋይልና ድምፆቹ ሁለት ቦታ ይቀመጡ፤ አንዱ ፍላሽ ላይ እቤት፣ ሌላው በሌላ ከተማ ባለ ልጅ ዘንድ። ከወረቀቱ ላይ የተሳሳተ ነገር የተገኘ ዕለት የሚፈተሸው በእነሱ ነው።